አራት እጅ፣ አንድ መልክ

የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ማን ጻድቅ፣ ማን ክፉ እንደሆነ ለመለየት ከሥዕሉ ሥር የተጻፈውን ማንበብ አያስፈልገውም። ቅዱሳኑ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው በሁለት ዓይናቸው ያያሉ። ሰይጣን፣ ሰቃዩና በጦር የሚወጋው ጠላት ግን ብዙውን ጊዜ በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ልማድ የተከተሉት ሠዓሊዎች በአንድ ዘመን የኖሩ፣ በአንድ ደብር የሠሩ አይደሉም። አብዛኞቹ ተያይተውም አያውቁም። ሆኖም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚወርድ አንድ ደንብ ሥራቸውን አስተሳስሮታል። ደንቡን ልብ ብለን ብናየው አጭር ነው፤ ተከበረ ወይም ተጣሰ ለማለት ዓይን ብቻ ይበቃል፤ ለምን እንደተደነገገም ግልጽ ነው።

ዛሬ የልጆች መጽሐፍ፣ አኒሜሽን፣ የቪዲዮ ጌም ወይም የማስታወቂያ ዘመቻ የሚሠራ ቡድን እንዲህ ያለውን ደንብ በዘመናት ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ ማበጀት አለበት። ለዚህም ሁለት መሣሪያዎችን ይጠቀማል። አንደኛው ሙድ ቦርድ ነው፤ ሥራው ሊኖረው የሚገባውን ስሜትና መልክ የሚጠቁሙ ፎቶዎች፣ ሥዕሎች፣ ቀለማት፣ ከፊልም የተወሰዱ ምስሎች፣ አንዳንዴም ቁራጭ ጨርቅ ሳይቀር በአንድ ሰሌዳ ላይ ተሰብስበው የሚሰቀሉበት ነው። ሁለተኛው ስታይል ጋይድ ይባላል፤ ከዚያ ሰሌዳ ላይ የተቀዱ ደንቦች ተጽፈውና በምሳሌ ተደግፈው የሚቀመጡበት ሰነድ ነው።

ችግሩ ብዙ ቡድኖች ሰሌዳው ላይ ይቆማሉ። ሃያ የሚያማምሩ ምስሎች ይሰቀላሉ፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ የየራሱን ይስላል። አንድን የገበያ ፎቶ አምስት ሰው ቢያየው አንዱ የወሰደው ብርሃኑን፣ ሌላው የሴቶቹን ነጠላ፣ ሦስተኛው የቀለሙን ድብልቅ፣ አራተኛው ግርግሩን፣ አምስተኛው ደግሞ አቧራውን ነው። አምስቱም «ተስማምተናል» ብለው ወጥተዋል፤ የተስማሙት ግን በፎቶው እንጂ ከፎቶው በሚወሰደው ነገር አይደለም። ስለዚህ የዚህ ሥራ ዋናው ድካም ምስል መሰብሰቡ ሳይሆን ምስሉን ወደ ደንብ መለወጡ ነው።

ይህ ለውጥ እንዴት እንደሚካሄድ በግልጽ ጽፈው ካሳዩት መካከል «ቲም ፎርትረስ 2» የተባለውን የቪዲዮ ጌም የሠሩት ሰዎች ይገኙበታል። ጌሙን ያወጣው ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ1999 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ለሕዝብ ሲያሳየው መልኩ እንደማንኛውም ዘመናዊ የጦርነት ጌም ነበር፤ የወታደር ልብስ፣ የወታደር መሣሪያ፣ አረንጓዴና ግራጫ። ከዚያ ለዓመታት ዝም አለ። በጥቅምት 2007 ሲወጣ ግን የተለየ ዓለም ሆኖ መጣ፤ ሰዎቹ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጽሔት ሽፋን ላይ ወርደው የሚሮጡ ይመስላሉ። በዚያው ዓመት ጄሰን ሚቸል፣ ሞቢ ፍራንኪ እና ዳቢህ ኢንግ የተባሉ የኩባንያው ባለሙያዎች መልኩን እንዴት እንዳገኙት የሚያብራራ ጥናታዊ ጽሑፍ አሳተሙ።

በምንጭነት የጠቀሱት የዚያን ዘመን የአሜሪካ መጽሔትና ማስታወቂያ ሠዓሊዎችን ነው፤ ጄ. ሲ. ላይንዴከርን፣ ዲን ኮርንዌልን፣ ኖርማን ሮክዌልን። የላይንዴከር ሥራዎች «ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት» በተባለው መጽሔት ሽፋን ላይ ለአሥርት ዓመታት ወጥተዋል። ቡድኑ «እንደ ላይንዴከር እንሳል» ብሎ ቢተወው ኖሮ እያንዳንዱ ባለሙያ የየራሱን ላይንዴከር ይስል ነበር። ያደረጉት ግን ሥዕሎቹን አስቀምጦ «እዚህ ሠዓሊው በእርግጥ ምን አደረገ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያገኙትን በአጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ዘረዘሩት። ብርሃን የሚያርፍበት ወገን ሞቃት ቀለም ይይዛል፤ ጥላው ወደ ጥቁር ሳይሆን ወደ ቀዝቃዛ ቀለም ይሄዳል። ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበት ድንበር ላይ ቀለሙ ይደምቃል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ቀይ ያደላል። ጥቃቅን ዝርዝር በተቻለ መጠን ይቀራል። የልብስ እጥፋት ከውስጥ ብቻ ሳይሆን በሰውየው ዳር መስመር ላይም ይነበባል። ሰውየውን ከጀርባው ለመለየት በጥቁር መስመር አይከበብም፤ ጠርዙ ላይ ብርሃን ይፈነጥቅበታል።

እያንዳንዷ ዐረፍተ ነገር ከላይ ያልነውን ፈተና ታልፋለች። «የጥንት መዓዛ ያለው» ወይም «ጠንካራ ስሜት» የሚል ቃል የለባትም። ማንም ሰው የተሠራውን ምስል አይቶ «ይህ ጥላ ጥቁር ነው፤ ደንቡ ተጥሷል» ማለት ይችላል። ሥዕል የማያውቀው ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፈው ባለሙያ እንኳን ዐረፍተ ነገሯን አንብቦ ብርሃኑን የሚያሰላውን ፕሮግራም በእርሷ ልክ ሊጽፍ ይችላል፤ በእርግጥም እንዲያ ነው የተደረገው።

ምክንያቱንም አልረሱም። በዚህ ጌም ሁለት ቡድኖች ይዋጋሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ዘጠኝ ዓይነት ተዋጊ አለ። አንዱ ግዙፍና ዘገምተኛ ነው፤ ሌላው ቀጭንና ፈጣን፤ ሌላው ሐኪም። ተጫዋቹ ከሩቅ አንድ ሰው ብቅ ሲልበት በቅጽበት ሦስት ጥያቄ መመለስ አለበት። ወዳጅ ነው ጠላት? የትኛው ዓይነት ነው? ምን ይዟል? ሠሪዎቹ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መልስ ሰጪ መደቡ። የቡድኑን ማንነት ቀለም ይናገራል፤ ቀይ ወይም ሰማያዊ። የተዋጊውን ዓይነት የሚናገረው ቅርጹ ነው፤ ዘጠኙም መላ አካላቸው በጥቁር ቢሞላ እንኳን በኮፍያቸው፣ በትከሻቸውና በአቋማቸው ይለያሉ። መሣሪያው ዓይን እንዲስብ ደግሞ ሰውነታቸው ከእግር ወደ ደረት እየፈካ እንዲሄድ፣ ትልቁ የቀለም ንፅፅር መሣሪያው በሚያዝበት በደረት አካባቢ እንዲያርፍ አደረጉ። የሁለቱ ቡድኖች ሰፈርም በዚሁ ተለየ፤ የቀዩ ሞቃት ቀለም፣ እንጨትን የመሰለ የተፈጥሮ ቁስና ዘንበል ዘንበል ያለ ቅርጽ ሲሰጠው፣ የሰማያዊው ቀዝቃዛ ቀለም፣ የፋብሪካ ቁስና ቀጥ ያለ ማዕዘን ተሰጠው። ምክንያቱን የሚያውቅ ሠዓሊ በደንቡ ያልተጻፈ ነገር ሲገጥመው ራሱ ይፈርዳል። ደንቡን ብቻ የሚያውቀው ግን በየሰዓቱ ይጠይቃል፤ ወይም ደስ ያለውን ያደርጋል።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ትልቅ ኩባንያ መሆን አያስፈልግም። አንድ አነስተኛ ቡድን እንውሰድ። አራት ሠዓሊዎች ስድስት የልጆች ተረት መጻሕፍትን ሊስሉ ተነሡ እንበል፤ ጅብ፣ ጦጣ፣ አንበሳና አንዲት ብልህ ልጅ በየመጽሐፉ ይመላለሳሉ። መጽሐፎቹ በኤ5 መጠን ይታተማሉ። ጊዜ ስለሌለ አራቱም በየፊናቸው በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። አንባቢው ልጅ ግን የሁለተኛው መጽሐፍ ጅብ የአምስተኛው ጅብ ወንድም ሳይሆን ራሱ መሆኑን ማመን አለበት።

እያንዳንዳቸው አሥራ አምስት ምስል ያምጡ፤ ስድሳ ይሆናል። ሁሉም ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ከዚያ የሚጠየቀው «የቱ ያምራል?» አይደለም፤ ሁሉም ስላማረው ነው ያመጣው። ጥያቄው «ከዚህ ምን እንወስዳለን?» ነው። በአንድ ዐረፍተ ነገር መልስ ያላገኘ ምስል ይወርዳል። እንዲህ ሲጣራ አሥራ ሁለት ያህል ቢቀር መልካም ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ሰሌዳ ማንንም አይመራም። በቀሩት ሥር ሁለት መስመር ይጻፋል፤ የምንወስደው እና የማንወስደው። ሁለተኛው መስመር ከአንደኛው ይበልጥ ይጠቅማል እላለሁ፤ ጭቅጭቅ የሚነሣው ሁልጊዜ እዚያ ነውና።

ለምሳሌ ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሣ የባሕር ዛፍ ፎቶ ተሰቅሏል። የምንወስደው፦ ረጅሙን፣ ወደ ሐምራዊ ያደላውን ጥላ። የማንወስደው፦ ከበስተጀርባ ያለውን ጭጋግ። አጠገቡ የሞሶብ ፎቶ አለ። የምንወስደው፦ ጥቂት ቀለማት እየተደጋገሙ መላውን ሞሶብ መሸፈናቸውን። የማንወስደው፦ ራሱን ጥልፉን፤ በኤ5 ገጽ ላይ ያን ያህል ደቃቅ ነገር ይደፈናል። ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ነው። የምንወስደው፦ ጠፍጣፋ ቀለም፣ ወፍራም የዳር መስመርና የጎን ፊት ልማድ፤ ጦጣዋ የምትዋሽበት ገጽ ላይ ብቻ በጎን ትሳላለች። የማንወስደው፦ ጸጥ ብሎ መቆምን፤ ጅባችን መሮጥ አለበት።

በሰሌዳው አንድ ጥግ ደግሞ «ይህ አይደለም» የሚል ርእስ ይጻፍና ሁለት ሦስት ምስል ይሰቀል። አንጸባራቂ ትልልቅ ዓይን ያላቸው፣ እንደ ፕላስቲክ የሚያብረቀርቁ የአኒሜሽን እንስሳት እዚያ ቢቀመጡ ጥሩ ነው። አራቱም ሠዓሊዎች እነዚያን እያዩ አድገዋልና እጃቸው ሳያውቁት ወደዚያ ይሄዳል።

አሁን ወደ ደንብ። «ሞቅ ያለና አገርኛ» የሚለው ደንብ አይደለም። «ጥላ ጥቁር አይሆንም፤ በሁሉም ገጽ #4A4568 ነው» የሚለው ደንብ ነው። ቁጥሩ በፎቶሾፕም ሆነ በሌላ የሥዕል ፕሮግራም የቀለም ሳጥን ውስጥ ሲጻፍ ያንኑ ድብዝዝ ሐምራዊ ያወጣል፤ «ሐምራዊ» ብቻ ቢባል አራት ሐምራዊ እናገኛለን። ጥንቃቄ የሚያሻው ስክሪኑ ቀለምን የሚሠራው በብርሃን፣ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም መሆኑ ነው። በስክሪን የሚያበራ ሰማያዊና አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል፤ ወረቀቱ ያልተለበጠ ከሆነ ደግሞ ቀለሙን ይመጥና ይብሱን ይከስማል። ስለዚህ የቀለማቱ ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት መጽሐፉ በሚታተምበት ወረቀት ላይ አንድ ገጽ አሳትሞ በቀን ብርሃን ማየት ግድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈርደው ያ የታተመ ገጽ እንጂ የማንም ሰው ስክሪን አይደለም።

የመስመር ውፍረት ደግሞ ብዙ ቡድን ሳያስተውለው የሚሰናከልበት ጉዳይ ነው። ጋይዱ «የዳር መስመር 1 ሚሊሜትር» ብሎ ቢያዝ ሁሉም ይታዘዛል፤ ግን አንዷ በኤ3 ወረቀት፣ ሌላው በኤ4 ይስላሉ። ኤ3 ወደ ኤ5 ሲቀንስ ርዝመት ሁሉ በግማሽ ያጥራል፤ የእርሷ መስመር 0.5 ሚሊሜትር ይሆናል። የኤ4ው ወደ 0.7 ይወርዳል። መጽሐፎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንዱ ጅብ ከሲታ፣ የሌላው ደንዳና ይሆናል፤ ሁለቱም ደንቡን አክብረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጠን ሁሉ በታተመው ገጽ ልክ ይነገር። ከዚያም የሚሻለው አንድ ባዶ የገጽ ፋይል አዘጋጅቶ አራቱም በእርሱ ላይ ብቻ እንዲሠሩ ማድረግ ነው።

የቁመት ጉዳይ በቃል አይገለጽም። ጅቡ፣ ጦጣዋ፣ አንበሳውና ልጅቷ በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ቆመው የሚሳሉበት አንድ ገጽ ያስፈልጋል። ልጅቷ ቁመቷ አራት ጭንቅላት ነው፤ ጅቡ ትከሻዋ ላይ ይደርሳል፤ ጦጣዋ ጉልበቷ ላይ። ይህን ገጽ ሁሉም ጠረጴዛው ፊት ይለጥፈው። አራቱንም በጥቁር ሞልቶ ማየትም አይከፋም፤ ጅቡና አንበሳው ከተመሳሰሉ የጅቡ የኋላ እግር ዝቅ፣ ጀርባው ዘንበል ይበል፤ ጅብ በተፈጥሮውም እንዲያ ነው።

ጋይዱ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ሲሆን ይበቃዋል፤ ለዚህ መጠን ሥራ ከዚያ በላይ ቢጻፍ አይነበብም። አሁን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ለመጀመር ሁሉም ይቸኩላል። እዚህ ላይ ግማሽ ቀን ማዋል ግን በኋላ ሳምንታትን ያድናል። አራቱም ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ነገር ይሳሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ጀበና ይሁን። አራቱ ሥዕሎች ስም ሳይጻፍባቸው ከቡድኑ ውጪ ላለ ሰው ይታዩ፤ ከሁለት ሰዎች ሌላ ሥራ ጋር ተደባልቀው ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። «የአንድ ሰው ሥራ የሚመስሉህን ለይ» ይባል። አራቱን አንድ ላይ ካስቀመጠ ጋይዱ ሠርቷል። ከፋፍሎ ካስቀመጠ ምን እንዳየ ይጠየቅ።

በዚህ ፈተና የሚወጣው ጉድለት ብዙ ጊዜ ማንም ያላሰበው ነው። ቀለሙ ልክ ነው፤ መስመሩም፤ ጥላውም። ሁለቱ ግን ጀበናውን ከላይ ወደ ታች አይተው የአፉን ክብ አሳይተዋል፤ ሁለቱ ደግሞ ከጎን ፊት ለፊት አይተው አፉን በቀጥታ መስመር ዘግተውታል። ጋይዱ ስለ ቀለም ሲጨነቅ የተመልካቹ ዓይን የት እንዳለ መናገሩን ረስቷል። አንድ መስመር ይጨመር፦ «ዕቃ ሁሉ የሚታየው ቆማ ከምታይ የስድስት ዓመት ልጅ ዓይን ነው።» ይህን በጀበና መማር ከሰማንያ ገጽ በኋላ ከመማር ይሻላል።

አንድ ሰው ደግሞ ዳኛ መሆን አለበት። አራቱም እኩል ድምፅ ካላቸው ሰሌዳው የአራት ሰው ምርጫ ድምር ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይሰጣል፤ መልክ ግን አይኖረውም። በትልልቅ ሥራዎች ይህ ሰው አርት ዳይሬክተር ይባላል። በትንሽ ቡድን ከአራቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር ማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቁ ነው። ጋይዱ ያልመለሰው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣልና። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ሌሊት ይመሻል፤ ሁሉም ነገር ጥላ ሲሆን የጥላው ደንብ ምን ይላል? ዳኛው ይወስናል፦ በሌሊት ገጹ በሙሉ በጥላው ቀለም ቤተሰብ ይሠራል፤ ሞቃት ቀለም የሚፈቀደው ለእሳትና እሳቱ ለሚያርፍበት ፊት ብቻ ነው። ይህ በቃል ተነግሮ መቅረት የለበትም፤ ከነቀኑ ጋይዱ ላይ ይጻፋል።

መሣሪያው የማይችለው ነገርም አለ። የእጅ ችሎታን አያስተካክልም፤ የሚሮጥ ጅብ መሳል የማይችል ሰው በደንቡ ቀለም የማይሮጥ ጅብ ይስላል። ሁሉን ነገር ለመወሰን ከሞከረ ደግሞ ሠዓሊዎቹን ቀጂ ያደርጋቸዋል፤ የገጽ አቀማመጥንና የፊት ስሜትን ለእነርሱ መተው ብልህነት ነው። ሰሌዳው ላይ ያሉት ምስሎች የሌሎች ሰዎች ንብረት መሆናቸውም አይዘንጋ፤ ከቡድኑ ክፍል መውጣት የለባቸውም። በሰሌዳው ላይ ከአንድ ሕያው ሠዓሊ ሥራዎች አምስት ስድስት ከተደረደሩ ደግሞ ቡድኑ መልክ እየፈለገ ሳይሆን የሰውየውን እጅ እየቀዳ ነው፤ አራቱ ይውረዱ።

ደንብ ካልጠበቁት እንደሚላላም ያው ጌም ራሱ ይመሰክራል። ከ2009 ጀምሮ ለተዋጊዎቹ ኮፍያዎች መጡ፤ በ2010 ደግሞ ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሯቸው ኮፍያና ጌጣጌጦች በገንዘብ መሸጥ ጀመሩ። ቁጥራቸው በየዓመቱ በዛ፤ ተሸጡም። አንድ በአንድ ሲታዩ ብዙዎቹ በጥሩ ሁኔታ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን ዘጠኙን ተዋጊዎች በሩቅ የሚለያቸው በከፊል ኮፍያቸው ነበር፤ ሁሉም የፈለገውን ሲያደርግ ያ ንባብ ተደናገረ፤ የቆዩ ተጫዋቾችም ይህን ደጋግመው አማረዋል። ኩባንያው ገበያውን መርጧል፤ ያ መብቱ ነው። ሰነዱ ግን ዛሬም ታትሞ እንዳለ አለ፤ ጌሙና ሰነዱ ብቻ ተለያይተዋል።

እንግዲህ ሥራ መሐል አምስተኛ ሠዓሊ ሲቀጠር አጠገቡ ተቀምጣችሁ ለማስረዳት አትቸኩሉ። ሰሌዳውን አሳዩት፤ ሁለቱን ገጽ ስጡት፤ ያን ጀበና እንዲስል ጠይቁትና ክፍሉን ለቃችሁ ውጡ። የጠየቃችሁን ጥያቄ ሁሉ መዝግቡ። መልሱን ለእርሱ ከመንገራችሁ በፊት ጋይዱ ላይ ጻፉት።